ከ12 እስከ 12 ስንት ሰዓት ነው? የፈረቃ ሰዓት የሚደምሩ ፎርሙላዎች ሲነጻጸሩ

ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ሒሳብ እይዛለሁ። አስተናጋጅ፣ ወጥ ቤት፣ ጀልባ ነጂና የሌሊት ጥበቃ አሉን። ሁሉም የሚፈርሙት በአንድ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ማዛወር የጀመርኩ ሰሞን የሌሊት ጥበቃችን የሳምንት ሰዓት 0:00 ሆኖ ወጣ። ስድስት ሌሊት ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 የቆሙ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አይተው «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ተኝተህ አደርክ ነው የሚለኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዜሮው የመጣው ከሁለት ቦታ ነበር። የመጀመሪያው መቀነሱ ላይ ነው። 12:00 ሲቀነስ 12:00 ዜሮ ነው። ኮምፒውተሩ አንዱ 12 የምሽት፣ ሌላው የንጋት መሆኑን አያውቅም። ያንን አስተካክዬ እያንዳንዱ ሌሊት 12:00 ሰዓት ሆኖ ሲወጣ ደግሞ ድምሩ አሁንም 0:00 አለ። ስድስት ጊዜ 12 ማለት 72 ነው፤ 72 ደግሞ ልክ ሦስት ቀን ነው። ሴሉ የሰዓት ፎርማት ስለነበረው ሙሉ ቀኖቹን ጥሎ ትርፉን ብቻ አሳየ። ትርፉም ዜሮ። ሌላ አስተናጋጅ 58 ሰዓት ሠርታ 10:00 ተብሎ ወጥቶላት ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ ሄዳለች።

ኤክሴልም ሆነ ጉግል ሺትስ ሰዓትን የሚያስቀምጠው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ነው። አንድ ቀን 1 ነው፣ 12 ሰዓት 0.5፣ 6 ሰዓት 0.25። ይህን ከያዛችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይገባችኋል።

መጀመሪያ የሚመረጠው ፎርሙላው ሳይሆን ሰዓቱ የሚጻፍበት መንገድ ነው። እኔ ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ።

አንደኛው በ24 ሰዓት አቆጣጠር መጻፍ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት 7:00፣ ማታ 2 ሰዓት 20:00 ይሆናል። መግቢያው B፣ መውጫው C ላይ ካለ ፎርሙላው ይህችው ናት፦

```
=MOD(C2-B2,1)
```

MOD እዚህ የሚሠራው እኩለ ሌሊትን ለተሻገረ ፈረቃ ነው። 22:00 ገብቶ 6:00 ሲወጣ በቀጥታ ከቀነስን ውጤቱ ኔጌቲቭ ይሆናል። ኤክሴል ያኔ ሴሉን በ##### ይሞላዋል። MOD ግን አንድ ቀን ጨምሮ 8 ሰዓት ያወጣዋል። የጣት አሻራ ማሽን ካላችሁና ማሽኑ በ24 ሰዓት ቆጥሮ የሚሰጣችሁ ከሆነ ከዚህ አትለፉ፤ ይበቃችኋል። ችግሩ ከደብተር ሲገለበጥ ነው። ሠራተኛው የጻፈው በእኛ ሰዓት ነው፤ እኔ ደግሞ በየመስመሩ በጭንቅላቴ ስድስት ልጨምር ነው። የወር መጨረሻ ላይ፣ ሲመሽና ሲደክመኝ፣ ማታ 2 ሰዓትን 14:00 ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ጨምሬ ማለት ነው። ፎርሙላው እንዲህ ያለውን ስህተት አይናገርም፤ ጭጭ ብሎ ያሰላል።

ሁለተኛው ቀኑንም ሰዓቱንም በአንድ ሴል ውስጥ መጻፍ ነው። ያኔ `=C2-B2` ብቻ በቂ ነው፤ MOD አያስፈልግም። ከሦስቱ በጣም አስተማማኙ ይህ ነው፣ በጣም አሰልቺውም ይህ ነው። እኔ ለጀልባ ነጂው ብቻ እጠቀምበታለሁ። ዘጌ ደርሶ የሚመለስበት ቀን ችግር የለም። ጎርጎራ ሄዶ አድሮ ሲመጣ ግን ከ24 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። MOD ሙሉ ቀንን ይውጣል፤ 26 ሰዓት ሥራ 2 ሰዓት ተብሎ ይወጣል። ስለዚህ ፈረቃው ከአንድ ቀን የሚያልፍ ሰው ካላችሁ ቀኑ አብሮ መጻፍ አለበት። ሌላ ማምለጫ የለውም።

ሦስተኛው ደብተሩ ላይ እንዳለ በእኛው ሰዓት መጻፍና ጎኑ ላይ «ቀ» ወይም «ማ» ማድረግ ነው። እኔ የረጋሁት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር እስከተጻፉ ድረስ ስድስት ሰዓት መጨመርም መቀነስም አያስፈልግም፤ ልዩነቱ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ማወቅ ያለበት ቀን ይሁን ማታ ብቻ ነው።

የእኔ ሺት አቀማመጥ ይህን ይመስላል። A ቀኑ፣ B መግቢያ፣ C ቀ ወይም ማ፣ D መውጫ፣ E ቀ ወይም ማ፣ F የእረፍት ደቂቃ ነው። G ላይ መግቢያው ከንጋት 12 ሰዓት ጀምሮ ስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ይወጣል። H ላይ ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለው ቆይታ በደቂቃ ይወጣል።

```
G2: =ROUND((MOD(B2,0.5)+IF(C2="ማ",0.5,0))*1440,0)
H2: =MOD(ROUND((MOD(D2,0.5)+IF(E2="ማ",0.5,0))*1440,0)-G2,1440)
```

ውስጥ ያለችው `MOD(B2,0.5)` 12 ሰዓትን ለማስተካከል የገባች ናት። በእኛ አቆጣጠር 12:30 ከ1:00 በፊት ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ 12:30 ወደ 0:30 መመለስ አለበት። ከዚያ ማታ ከሆነ ግማሽ ቀን ይጨመርበታል። የጥበቃውን እንሞክር። መግቢያ 12:00 ማ፣ መውጫ 12:00 ቀ። መግቢያው 720ኛው ደቂቃ ይሆናል፤ መውጫው 0። ከ0 ላይ 720 ሲቀነስ ኔጌቲቭ 720፣ በ1440 MOD ሲደረግ 720 ደቂቃ። አሥራ ሁለት ሰዓት! ጋሼ አልተኙም።

ምልክቱ ላይ ሕጉ ቀላል ነው። ከንጋቱ 12:00 ጀምሮ ምሽት 12:00 እስኪሆን ድረስ ቀ ነው፤ ቀሪው በሙሉ ማ። ሌሊት 11:30 ላይ የሚገባ የወጥ ቤት ሠራተኛ «ጠዋት ነው የገባሁት» ቢልም ለፎርሙላው ማ ነው። ንጋት 12:30 ግን ቀ ነው። C እና E ላይ ሁለቱን ፊደል ብቻ የሚያስመርጥ ዝርዝር አድርጉ። «ማታ» ብሎ የጻፈ ሰው ፎርሙላውን ያታልላል፤ ፎርሙላው የሚያውቀው «ማ»ን ብቻ ነውና።

ደቂቃ ለምን መረጥኩ? `[h]:mm` የሚባል ፎርማት አለ። ኤክሴል ላይ ሴሉን እንደዚያ ካደረጋችሁት 72 ሰዓት 72:00 ሆኖ ይታያል። ጉግል ሺትስ ላይ Duration የሚለው ያንኑ ይሠራል። ለማየት ያምራል፤ ሰዓቱን ለሠራተኛው ለማሳየትም እሱን እጠቀማለሁ። ለማወዳደር ግን አላምነውም። ሰዓት ክፍልፋይ ስለሆነ አንዳንዴ ልክ 8 ሰዓት የሠራ ሰው በአሥርዮሽ ጭራ ላይ ቅንጣት ታህል ያልፋል። ከዚያ በዓይን 8:00 እየተባለ ትርፍ ሰዓት ተብሎ ይቀባል። በደቂቃ አድርጎ ROUND ማድረግ ያቺን ጭራ ይቆርጣታል። 480 ሁልጊዜ 480 ነው። በሌላ በኩል `[h]:mm` የረሳ ሰው የእኔን ዜሮ ያገኛል፤ ደቂቃ ላይ ግን የሚረሳ ፎርማት የለም። ለክፍያ በ60 ማካፈል ብቻ ነው።

ከፎርሙላ በፊት የሚበላሸው ግን አጻጻፉ ነው። አማርኛ ኪቦርድ ላይ እያለን 1፡30 ስንጽፍ የምትገባው ሁለት ነጥብ የግዕዟ ናት። ለዓይን አንድ ናት፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፊደል ናት። ስለዚህ ሴሉ ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ጽሑፍ ይሆናል። ምልክቱ አሰላለፉ ነው። አሰላለፉን በእጃችሁ ካልነካችሁት ሰዓት ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ሌላው 1.30 በነጥብ መጻፍ ነው። ይህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ቁጥር ነው፣ አይጮህም። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ከ7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አድርጎ ያነበዋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያግድ የዳታ ቫሊዴሽን ፎርሙላ ይህ ነው፤ B እና D ላይ አድርጉት፣ D ላይ ስትሆኑ B2ን ወደ D2 ቀይሩ፦

```
=AND(ISNUMBER(B2),B2<13/24)
```

ከ12:59 በላይ የሆነ ነገር አይገባም። ሴሉ 1:30 AM ብሎ ቢያሳያችሁ ግን አትደንግጡ፤ ፎርማቱን h:mm አድርጉት።

ሦስተኛው አደጋ መውጫ መፈረም የረሳ ሰው ነው። D ባዶ ከሆነ ፎርሙላው ባዶውን እንደ ንጋት 12 ይቆጥረዋል። ጠዋት 1 ሰዓት የገባችው ልጅ 23 ሰዓት ሠራች ይላል። ስለዚህ ንጹሁ የሥራ ጊዜ I ላይ የሚወጣው ሁለቱም ሰዓት ካለ ብቻ ነው፦

```
I2: =IF(COUNT(B2,D2)<2,"",H2-F2)
```

COUNT ቁጥርን ብቻ ስለሚቆጥር ባዶውንም፣ በጽሑፍ የገባውንም ያስቀረዋል።

አሁን ወደ እረፍት። እዚህም ሦስት አማራጭ አለ። በየቀኑ 60 ደቂቃ መቀነስ ቀላሉ ነው፤ ግን ግማሽ ቀን 4 ሰዓት ብቻ የሠራ ሰው ያላረፈው አንድ ሰዓት ይወሰድበታል። ሁለተኛው ከ6 ሰዓት በላይ ለሠራ ብቻ መቀነስ ነው። ብዙ ሰው `=IF(H2>360,60,0)` ብሎ ይጽፈዋል። ፎርሙላው ትክክል ይመስላል፤ ገደል ግን አለበት። ልክ 6 ሰዓት የቆየ 6 ሰዓት ይታሰብለታል፤ አንዲት ደቂቃ የጨመረ 5 ሰዓት ከ1 ደቂቃ። ሠራተኛ ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት አይፈጅበትም። ከዚያ ልክ 6 ሰዓት ላይ መፈረም ይጀምራል። ገደሉን ወደ ዳገት የሚቀይረው ይህ ነው፦

```
F2: =MIN(60,MAX(0,H2-360))
```

ከ6 ሰዓት በላይ ያለው ደቂቃ ብቻ፣ እስከ 60 ድረስ ይቀነሳል። ስለዚህ ብዙ የቆየ ሰው ትንሽ ከቆየው በታች አይወርድም።

ሦስተኛው ያረፉትን ደቂቃ እንደሆነው መጻፍ ነው። እኛ ቤት ያለው ይህ ነው። እሑድ ሰው ሐይቅ ዳር ሲጎርፍና ዓሣ ጥብስ ሲደራረብ የወጥ ቤት ሠራተኛ አንድ ሰዓት አያርፍም፤ ቆሞ ጎርሶ ይመለሳል። ያንን ቀን 60 መቀነስ ግፍ ነው። ጥበቃው ደግሞ እራታቸውን የሚበሉት በሩ ላይ ሆነው ነው። በር ሳይለቁ የበሉትን እረፍት ብዬ አልቀንስም፤ F ላይ 0 ነው። ጉዳቱ አንድ ሰው ደቂቃውን በእውነት መጻፍ አለበት። የእኛዋ የሺፍት ኃላፊ ትጽፋለች። እንደ እሷ ያለ ሰው ከሌላችሁ በዳገቱ ፎርሙላ ሂዱ።

ትርፍ ሰዓት ላይ መለኪያው የእኛ ፍላጎት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ያደርገዋል። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው የመደበኛው 1.5 እጥፍ ነው፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ላለው 1.75። የሳምንት እረፍት ቀን 2፣ የሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ሁለቱን የመጨረሻዎች እኔ በሌላ ሺት ነው የማሰላቸው፤ ከዚህ ጋር ባትቀላቅሏቸው ይሻላል።

በቀን ይቆጠር ወይስ በሳምንት? ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ሦስት ቀን 10 ሰዓት፣ ሦስት ቀን 6 ሰዓት የሠራች አስተናጋጅ ድምሯ 48 ነው። በሳምንት ከቆጠርን ትርፍ የላትም፤ በቀን ከቆጠርን 6 ሰዓት አላት። አዋጁ ሥራው ካስገደደ አንዱን ቀን አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎቹ ላይ ማካፈል ይፈቅዳል፤ ግን ከ8 በላይ ከ2 ሰዓት ሳያልፍ። እንዲህ ያለ የታወቀ ፕሮግራም ከሌላችሁ በቀን ቁጠሩ። ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው የሳምንቱ ስሌት ከቀኑ ድምር በልጦ ሊወጣ አይችልም፤ ቢያንስ እንጂ። ሳምንቱን የሚመርጥ ቀጣሪ ለምን እንደመረጠው ከዚህ ይታወቃል።

```
J2: =IF(I2="","",MAX(0,I2-480))
K2: =IF(J2="","",MAX(0,MIN(G2+H2,1440)-MAX(G2+H2-J2,960)))
```

J የቀኑ ትርፍ ነው። K ደግሞ ከዚያ ትርፍ ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የዋለው ነው። የእኛ ሰዓት ጥቅሙ በደንብ የታየኝ K ላይ ነው። በ24 አቆጣጠር ሌሊቱ ከ22:00 ተነስቶ እኩለ ሌሊትን ዘሎ 6:00 ላይ ያልቃል፤ ለሁለት ይሰበራል። በእኛ አቆጣጠር ግን ቀኑ የሚጀምረው ንጋት 12 ነው። ስለዚህ ሌሊቱ ከ960ኛው ደቂቃ እስከ 1440ኛው ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ የቀኑ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ፎርሙላውም ያለ IF ክምር ያልቃል።

በአንድ አስተናጋጅ እንየው። ከቀኑ 8:00 ገባ፣ ማታ 5:15 ወጣ፣ 45 ደቂቃ አረፈ። መግቢያው 480ኛው፣ መውጫው 1035ኛው ደቂቃ ነው። ቆይታው 555፣ እረፍቱ ሲቀነስ 510፣ ትርፉ 30 ደቂቃ። ትርፉ የመጨረሻዎቹ 30 ደቂቃዎች ናቸው፤ ከ1005 እስከ 1035። ሁለቱም ከ960 በላይ ስለሆኑ 30ውም በ1.75 ይከፈላል። በ1.5 የሚከፍል ሰው ሳያውቀው ይቀንስበታል። አንድ ገደብ ግን አለ፦ ፎርሙላው ትርፉን ሁልጊዜ ከፈረቃው መጨረሻ ላይ ነው የሚያነሳው። ከሰዓቱ ቀድሞ የተጠራ ሰው ካለ K ላይ በእጃችሁ ጻፉለት።

የሰዓት ክፍያው M1 ላይ፣ የሳምንቱ ድምር 8ኛው ረድፍ ላይ ካለ ክፍያው እንዲህ ይሆናል፦

```
=(J8-K8)/60*$M$1*1.5+K8/60*$M$1*1.75
```

ምልክት ማድረጊያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀለም ነው። Conditional formatting ውስጥ ገብቶ ትርፍ ላለው ቢጫ፣ ከ4 ሰዓት ላለፈው ቀይ ማድረግ ይቻላል። `=$J2>240` ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ያልተሞሉት ረድፎች በሙሉ ቀይ ይሆናሉ። እነሱ ባዶ ይመስላሉ እንጂ ባዶ ጽሑፍ ይዘዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ጽሑፍን ከማንኛውም ቁጥር ያስበልጠዋል። `=N($J2)>240` ሲባል ይረጋጋል። ሁለተኛው ቃል የሚጽፍ ኮለም ነው፦

```
L2: =IF(N(J2)>240,"ከ4 ሰዓት አለፈ",IF(N(J2)>0,"ትርፍ",""))
L8: =IF(J8>720,"ከ12 ሰዓት አለፈ","")
```

ስክሪን ላይ ቀለሙ ይፈጥናል። እኛ ግን ወረቀቱን ጥቁርና ነጭ አትመን ነው የምናስፈርመው፤ ቢጫውም ቀዩም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ቃሉ ወረቀት ላይም ይነበባል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ቃሉን።

ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ የጥበቃውን ሳምንት እንደገና አስገባሁ። በየሌሊቱ 720 ደቂቃ፣ ትርፍ 240፣ ከትርፉ የሌሊት 240። ዕለት ዕለት ልክ 4 ሰዓት ስለሆነ «ትርፍ» እንጂ «አለፈ» አላለም። ድምሩ ላይ ግን 1440 ደቂቃ ሆነ፤ 24 ሰዓት ትርፍ። L8 «ከ12 ሰዓት አለፈ» አለ። ባለቤቱ ወረቀቱን አየና «ፎርሙላውን እየው እስቲ» አለኝ። አየሁት። ምንም አልነበረበትም። የተበላሸው ፕሮግራሙ ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሁለተኛ ጥበቃ ተቀጠረ፤ ሦስት ሦስት ሌሊት ይካፈላሉ። አሁን የጋሼ J8 720 ነው፤ ልክ አፋፉ ላይ፣ L8 ባዶ። ደመወዛቸው አልተነካም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያቸው ግን በግማሽ ወርዷል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አላስፈለጋቸውም። ባለፈው ጠዋት ሲወጡ «ያኔ ዜሮ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ግማሽ አለኝ» ብለውኝ ሄዱ።